ትልቁ M እና ትንሿ m፦ የመለኪያ ምልክቶች ለምን እንዲህ ይጻፋሉ?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የኅዳሴ ግድብ ሲመረቅ አንድ ቁጥር ከስልክ ስልክ ሲዞር ዋለ፦ 5,150 MW። ግድቡ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ሊያመነጭ የሚችለው ኃይል ነው። ሲነበብ «አምስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ሜጋ ዋት» ይባላል። በዚያ ሰሞን ግን ይኸው ቁጥር አንዱ ጋ Mw፣ ሌላው ጋ mw፣ አልፎ አልፎም mW ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ።

ብዙ ሰው «ምን ለውጥ አለው፣ ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። mW ማለት ሚሊ ዋት ነው፤ የአንድ ዋት ሺህኛ ክፍል። 5,150 mW ሲሰላ 5.15 ዋት ይሆናል። ይህ የመጸዳጃ ቤት ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል የሚያበራ ኃይል ነው። ሜጋ ደግሞ ሚሊዮን ነው። ስለዚህ በትንሿ m እና በትልቁ M መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቢሊዮን እጥፍ ነው። ያንን የሚያህል ግድብ በአንዲት ፊደል ስህተት አምፖል አደረግነው ማለት ነው።

እኔ ጽሑፍ ማረም ሥራዬ ስለሆነ ይህ ነገር በየቀኑ ያጋጥመኛል። KG፣ Kg፣ Kgs፣ kms፣ ML፣ ltr፣ gm፣ mts። ሰው ቸልተኛ ስለሆነ አይመስለኝም። ደንቡ እንዳለ የነገረው ሰው የለም፣ እንጂ ደንቡ ራሱ ቀላል ነው።

ፊደሉ ቢተልቅ ቢያንስ ለምን ትርጉም ይለወጣል?

የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «አበበ» ብለን የሰው ስም ስንጽፍም፣ «ዛፉ አበበ» ስንልም አጻጻፉ አንድ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደልን የምናውቀው ከእንግሊዝኛ ክፍል ነው። እዚያ የተማርነው ደግሞ ዓረፍተ ነገር ሲጀመርና ስም ሲጻፍ ፊደሉ ትልቅ እንደሚሆን ነው። ብንሳሳት አስተማሪው ቀይ ያደርግብናል እንጂ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ ትልቁ ፊደል እንደ ወግ፣ እንደ ጌጥ ሆኖ አእምሯችን ውስጥ ቀረ።

የመለኪያ ምልክት ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህ m እና M ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ከኛው ፊደል ምሳሌ ልውሰድ። «ሂዱ» እና «ሄዱ»። ሁለቱም ላይ ሀ አለ፣ የሚለያዩት በመቀጠያዋ ብቻ ነው፤ አንዱ ሣልስ፣ ሌላው ኀምስ። አንዱ ግን ትእዛዝ ነው፣ ሌላው ያለፈ ወሬ። ማንም አማርኛ አንባቢ «ሂ እና ሄ ያው ናቸው» አይልም። በ m እና በ M መካከል ያለው ልዩነትም የዚህ ዓይነት ነው።

እንዲያውም አማርኛ እዚህ ጋ የተሻለ ዕድል አለው። ማይክሮ፣ ሚሊ፣ ሜጋ ስንል ማ፣ ሚ፣ ሜ እያልን በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ እንለያቸዋለን። በላቲን ፊደል ግን ሦስቱም በ m ነው የሚጀምሩት። ሜትርም በ m ይጀምራል። አራት ነገር አንዲት ፊደል ላይ ተሻሙ። የተገኘው መፍትሔ ይህ ነው፦ ለሜትርና ለሚሊ ትንሿ m፣ ለሜጋ ትልቁ M፣ ለማይክሮ ደግሞ ከግሪክ የመጣችው µ። ሜትርና ሚሊ አንድ ዓይነት m ቢይዙም አይጋጩም፣ ምክንያቱም ቦታቸው ይለያያል። mm ላይ የፊተኛዋ m ሚሊ ናት፣ የኋለኛዋ ሜትር።

kg ምህጻረ ቃል አይደለም እንዴ?

አይደለም። ብዙው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። «ዶ/ር» ምህጻረ ቃል ነው፤ ዶክተር የሚለውን ቃል አሳጠርነው። በሌላ ቋንቋ ሌላ መልክ ይኖረዋል፣ ነጥብ ወይም ሰያፍ መስመር ይጨመርበታል፣ ሰው እንደ ልማዱ ይለዋውጠዋል። kg ግን ምልክት ነው። እንደ + ወይም እንደ = ያለ። የመደመር ምልክት ላይ የብዙ ቁጥር s አንጨምርም፣ ነጥብም አናደርግበትም። kg ላይም እንደዚያው ነው። አንድ ኪሎ 1 kg፣ መቶ ኪሎም 100 kg። kgs የሚባል ነገር የለም። kg. ብሎ ነጥብ ማድረግም የለም፣ ነጥቡ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ካልሆነ በስተቀር።

ደንቡን የሚያወጣው በየአራት ዓመቱ ገደማ ፈረንሳይ ውስጥ የሚሰበሰበው የክብደትና የልኬት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል የት እንደሚገባ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1948 ወስኗል። ኢትዮጵያዊም ይጻፈው ጃፓናዊ፣ kg ያው kg እንዲሆን ነው የታሰበው።

ታዲያ የትኛው ነው በትልቅ የሚጻፈው?

መሠረቱ አንድ ጥያቄ ነው። መለኪያው በሰው ስም ተሰይሟል?

ካልተሰየመ በትንሽ ይጻፋል። ሜትር የሰው ስም አይደለም፣ m። ግራም g፣ ሰከንድ s፣ ሰዓት h። ከተሰየመ ደግሞ የምልክቱ የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ይሆናል። ዋት የተሰየመው በጄምስ ዋት ነው፣ W። ቮልት በጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ፣ V። አምፔር በፈረንሳዊው አንድሬ ማሪ አምፔር፣ A። ኸርዝ በጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርዝ፣ Hz፤ እዚህ ላይ ሁለተኛዋ z ትንሽ ሆና ትቀራለች።

አሁን የስልካችሁን ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ አንሥታችሁ እዩት። 5000 mAh ይላል እንበል። እያንዳንዷን ፊደል እንፍታት። m ትንሽ ናት፣ ስለዚህ ሚሊ። A ትልቅ ናት፣ የሰው ስም፣ አምፔር። h ትንሽ ናት፣ ሰዓት። ሚሊ አምፔር ሰዓት። ባትሪው 5 አምፔር ለአንድ ሰዓት መስጠት የሚችል ቻርጅ ይይዛል ማለት ነው። አንዳንድ ዕቃ ላይ ግን MAH ተብሎ ተለጥፎ ይሸጣል። በትክክለኛው ደንብ ካነበብነው M ሜጋ ናት፣ H ደግሞ ሄንሪ የሚባል የሌላ ነገር መለኪያ ነው። የተለጠፈው ነገር ትርጉም አልባ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳይ የዕቃውንም ነገር እጠራጠራለሁ፣ ምክንያቱም ሠሪው ስለ ባትሪ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ይህን አይጽፍም ነበር።

የመብራት ቢልም እንደዚሁ ይፈታል። kWh። k ኪሎ፣ W ዋት፣ h ሰዓት። 3.5 kW የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 3.5 በ2 ተባዝቶ 7 kWh ይቆጥራል። እዚህ ጋ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፦ kW/h ብሎ መጻፍ። ሰያፉ መስመር ማካፈል ነው፤ ቆጣሪው ግን የሚያደርገው ማባዛት ነው።

ኪሎ ትልቅ ቁጥር አይደለም? K ለምን አልሆነም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሜጋ M ነው፣ ጊጋ G፣ ቴራ T። ሁሉም ትልቅ ፊደል ናቸው። ኪሎም አንድ ሺህ እጥፍ የሚያደርግ ነውና K መሆን ያለበት ይመስላል።

ነገሩ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ኪሎ ከእነ ሜጋ በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1795 የሜትር ሥርዓትን በሕግ ሲያውጁ ኪሎ፣ ሄክቶ፣ ዴካ፣ ዴሲ፣ ሴንቲ፣ ሚሊ አብረው ነበሩ። የእነዚህ ሁሉ ምልክት በትንሽ ፊደል ሆነ። ሜጋ ዘግይቶ ሲመጣ ትንሿ m ተይዛለች፣ ስለዚህ ትልቁን ወሰደ። ከሜጋ በላይ ያሉትም የእሱን መንገድ ተከተሉ። እኔ የምይዘው እንዲህ ብዬ ነው፦ ከኪሎ ጀምሮ ወደ ታች ሁሉም ትንሽ፣ ከሜጋ ጀምሮ ወደ ላይ ሁሉም ትልቅ።

ትልቁ K ደግሞ ባለቤት አለው። ኬልቪን ነው፣ ሳይንቲስቶች የሙቀት መጠን የሚለኩበት። የተሰየመው በብሪታኒያዊው ሎርድ ኬልቪን ስለሆነ የሰው ስም ደንቡ ሠራለት። 300 K የሞቀ ክፍል ነው፣ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። ስለዚህ Km ብለን ስንጽፍ በደንቡ መሠረት የጻፍነው «ኬልቪን ሜትር» ነው። ርቀቱን በሙቀት አባዛነው።

ሊትር የሰው ስም ነው እንዴ? mL ላይ L ለምን ትልቅ ሆነች?

አይደለም። ሊትር የሚባል ሰው የለም። ይህ ከደንቡ የወጣ ብቸኛ ነገር ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የዓይን ጉዳይ ነው።

ለሊትር መጀመሪያ የተመረጠችው ትንሿ l ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1879። ችግሩ በብዙ የኅትመት ፊደል l እና 1 አይለዩም። በእጅ ሲጻፍማ ይባስ። «10l» ብዬ ብጽፍላችሁ «አሥር ሊትር» ነው ወይስ «መቶ አንድ»? ያውም በቁጥሩና በምልክቱ መካከል ክፍተት ካልተተወ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። ክፍተት መተው ደንብ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጉባኤው ለረጅም ጊዜ ሲያመነታ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ትልቁን L ፈቀደ። ትንሿን ግን አልሰረዘም። ሁለቱም ትክክል ሆነው ቀሩ። ስለዚህ ml ብሎ የጻፈውን ሰው ተሳስተሃል አትበሉት። አሜሪካ ውስጥ mL ይመረጣል፣ አውሮፓ ውስጥ ml የተጻፈባቸው ጠርሙሶች ብዙ ናቸው። እኔ mL እመርጣለሁ፣ የሚጻፈው ለሚሳሳት ዓይን ነውና።

በነገራችን ላይ «ሊትር በሰው ስም ነው የተሰየመው» የሚል ታሪክ ካነበባችሁ ምንጩ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ኬኔዝ ዉልነር የሚባል ሰው «ክሎድ ሊትር» የሚባል ጠርሙስ ሠሪ ቤተሰብ ልጅ ፈጥሮ በኬሚስትሪ መምህራን መጽሔት ላይ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። የሰው ስም ከሆነ L በደንቡ ትልቅ ትሆናለች፣ ክርክሩም ያበቃል። ቀልድ ነበር። አምነው ያሳተሙት ግን ነበሩ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ጫፍ ላይ ነው። L ትልቅ ሆነች ብለን m ንም አብረን ካተለቅናት ML ይሆናል። ይህ ሜጋ ሊትር ነው፣ አንድ ሚሊዮን ሊትር። አውስትራሊያ ውስጥ የመስኖና የግድብ ውኃ የሚለካበት እውነተኛ መለኪያ ነው። ሃምሳ ሜትር ርዝመት፣ ሃያ አምስት ሜትር ስፋት፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው የኦሎምፒክ መዋኛ 2.5 ML ውኃ ይይዛል። የሕፃን ሽሮፕ ላይ «5 ML» ከተጻፈ በወረቀት ደረጃ ሁለት የኦሎምፒክ መዋኛ ሙሉ ሽሮፕ አዘዝን ማለት ነው።

መድኃኒት ላይ ይህ ነገር ምን ያህል ያሳስባል?

ML ላይ ማንም አይሳሳትም፣ ሁለት መዋኛ ሙሉ ሽሮፕ የሚጠጣ የለምና። የሚያሳስበው ሁለቱም ንባብ ሊሆን በሚችልበት ቦታ ነው።

አንድ የፓራሲታሞል ሽሮፕ እንውሰድ። ጠርሙሱ ላይ 120 mg/5 mL ይላል። በአምስት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ አንድ መቶ ሃያ ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። mg የመድኃኒቱ ክብደት ነው፣ mL የፈሳሹ መጠን። ሐኪሙ ለልጁ 180 mg አዘዘ እንበል። 180 ለ120 ሲካፈል 1.5 ነው፣ 1.5 በ5 ሲባዛ 7.5። ስለዚህ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የሚቀዳው 7.5 mL ነው። አሁን አክስቱ ስልክ ደውላ «ስንት ልስጠው?» ብትልና «ሰባት ነጥብ አምስት» ብቻ ብንላት፣ ወይም በጥድፊያ 7.5 mg ብለን ብንጽፍላት፣ የምትሰጠው ነገር ሌላ ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ነው፤ እኔ እዚህ ያሳየሁት ጽሑፉ እንዴት እንደሚነበብ ብቻ ነው። L ትልቅ ስትሆን ከ g ጋር የመምታታት ዕድሏ ይቀንሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2015 የልጆች ፈሳሽ መድኃኒት በማንኪያ ሳይሆን በ mL ብቻ እንዲታዘዝ መክሯል። የማንኪያ መጠን ከቤት ቤት ይለያያል።

ከዚህ የባሰው µ ናት። በእጅ ጽሑፍ µg እና mg ለመለየት ከባድ ነው። ልዩነታቸው ደግሞ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ለታይሮይድ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን የሚታዘዘው በማይክሮ ግራም ነው፣ ለምሳሌ 50። ያቺ µ እንደ m ከተነበበች ትልቅ አደጋ ነው። ለዚህ ነው በመድኃኒት ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ተቋማት µg ትታችሁ mcg ጻፉ የሚሉት። የሚገርመው mcg በዓለም አቀፉ ደንብ የተፈቀደ ምልክት አይደለም። ፊዚክስ ክፍል ብትጽፉት ስህተት ነው። ሐኪም ቤት ግን ትክክለኛው እሱ ነው፣ እኔም ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ።

ሱቅ ላይ «1 KG ስኳር» ብጽፍ ማን ይሳሳታል?

እውነቱን ለመናገር፣ ማንም። ስኳር የሚገዛ ሰው ኬልቪን አያስብም። የሱቅ ሰሌዳ ላይ KG ያየሁ እንደሆነ አልፈዋለሁ። የማላልፈው የዕቃ መለያ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ከሆነ ነው። እዚያ አንባቢው ከጽሑፉ ውጭ ምንም ፍንጭ ላይኖረው ይችላል።

ደግሞ ሁልጊዜ ጥፋቱ የሰው አይደለም። አንድ ጊዜ የአንድ ድርጅትን የዕቃ ዝርዝር ሳርም kg ብዬ ያስተካከልኩት ሁሉ Kg ሆኖ ተመልሶ መጣ። ሁለት ጊዜ አረምኩት። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ፤ መተየቢያው ፕሮግራም ሰንጠረዥ ውስጥ የገባን የመጀመሪያ ፊደል በራሱ ያተልቃል። ማይክሮሶፍት ዎርድ ይህን ያደርጋል። ራስ በራስ ማረሚያው ውስጥ የሰንጠረዥ ሕዋስ የመጀመሪያ ፊደልን የሚያተልቀውን ምርጫ ማጥፋት ይቻላል። ወይም ወዲያው እንደተለወጠ Ctrl+Z መጫን። ርዕስን በሙሉ በትልቅ ፊደል የሚያደርግ ስታይል ሲኖርም እንዲሁ mL ወደ ML ይለወጣል፤ እዚያ ላይ ምልክቱን ትቶ ስሙን መጻፍ ይሻላል።

በአማርኛ ስንጽፍስ?

በአማርኛ ጽሑፍ መካከል 5 kg ማለት ይቻላል፣ ምልክቱ የማንም ቋንቋ አይደለምና። ኪ.ግ.፣ ኪ.ሜ. የሚለውም የለመድነው ነው፤ እነዚህ ግን እውነተኛ ምህጻረ ቃላት ናቸው፣ ስለዚህ ነጥባቸው ተገቢ ነው። ችግር የሚሆነው መቀላቀሉ ነው። k.g ብሎ የላቲኑን ምልክት በነጥብ መክፈል የሁለቱንም ደንብ ያፈርሳል።

በአማርኛ ምህጻር የምጠነቀቀው አንዲት ፊደል ላይ ነው። ሚ እና ማ በደንብ ይለያሉ፣ ሚ.ግ. ሚሊ ግራም ነው። ሜ ግን ሜትርም ሜጋም ናት። ኪ.ሜ. ላይ ሜትር፣ ሜ.ዋ. ላይ ሜጋ። ቦታዋን አይቶ መለየት ቢቻልም፣ በትንሽ ፊደል የታተመ ጋዜጣ ላይ ሜ እና ሚ ራሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ያኔ ደግሞ ተመልሰን ሜጋና ሚሊ ጋ ነን። ስለዚህ ስለ ግድቡ ስጽፍ ወይ 5,150 MW እላለሁ፣ ወይ «5,150 ሜጋ ዋት» ብዬ ሙሉውን እጽፈዋለሁ።